8 ዩኒቱ የተወጋው ስንት ሰዓት ላይ ነበር?

የማታ ተረኛዋ ነርስ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ስትረከብ፣ «ስኳሩ 286 ነበር፣ ኢንሱሊን ተሰጥቶታል» የሚል ማስታወሻ ደረሳት እንበል። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። በሽተኛው ግን ሌሊቱን ራሱን ስቶ ሊገኝ ይችላል።

በምሳሌያችን በሽተኛው የ58 ዓመት ሰው ነው፤ በስኳር በሽታ የሞተው የእግር ጣቱ ከተቆረጠ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ቀዶ ሕክምናውና የቁስሉ ኢንፌክሽን ስኳሩን ሽቅብ ይገፉታል፤ ምግብ አለመርጋቱ ደግሞ ቁልቁል ይጎትተዋል። ሐኪሙ የኢንሱሊኑን መጠን የሚቀያይረው ለዚህ ነው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ስኳሩ 286 ሆኖ ተገኘና 8 ዩኒት ሬጉላር ኢንሱሊን ተወጋ። እራቱን ጀምሮ አስመለሰው። 2 ሰዓት ላይ ተረኞቹ ተረካከቡ። አዲሷ ነርስ 2:30 ላይ ስትለካ 251 አገኘች። በመጠን ሰንጠረዡ መሠረት ይህ ልክ 6 ዩኒት ያስወጋል።

ጥፋቱ የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ከቆዳ ሥር የተወጋ ሬጉላር ኢንሱሊን ሥራውን የሚጀምረው ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ የሚበረታው በ2ኛውና በ4ኛው ሰዓት መካከል ሲሆን፣ እስከ 8 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ 251 እየወረደ ያለ ቁጥር ነው። የፊተኛው መርፌ ገና ኃይሉ ላይ ሳለ 6 ዩኒት ከተደረበ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። የሕመም ማስታገሻ ወስዶ የተኛ ከሆነ ደግሞ ላቡና መደናገሩ እንቅልፍ ይመስላሉ።

ደህና ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦ «6 ሰዓት 264፣ ሬጉላር 6 ዩኒት። 12 ሰዓት 286፣ ሬጉላር 8 ዩኒት፣ 12:10 ላይ ተወጋ። እራቱን አስመልሷል። የማታው ኤን ፒ ኤች ከ14 ወደ 10 ዩኒት ዝቅ እንዲል 1 ሰዓት ላይ ታዟል፤ ገና አልተሰጠም። የ14ቱ ትእዛዝ ተሰርዟል። 4 ሰዓት ላይ ይለካ፤ ከዚያ በፊት ሬጉላር አይደገም። ከ70 ከወረደ ሐኪም ይጠራ፤ 40 በመቶ ግሉኮስ ትሪው ላይ አለ።»

«ገና አልተሰጠም» የሚሉት ሁለት ቃላት ለእኔ ከሁሉም ይበልጣሉ። እነሱ ከሌሉ አንዷ ተሰጥቷል ብላ ትተወዋለች፣ ሌላዋ ደግሞ የተሰጠውን ትደግመዋለች። «ዩኒት» የሚለውም በሙሉ ይጻፍ፤ በእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ሲጻፍ ዜሮ መስሎ 10 ዩኒት 100 ተብሎ የተነበበበት ጊዜ አለ።

ይህን የተረከበች ነርስ 2:30 ላይ 251 ብታይም መርፌ አታነሳም። 4 ሰዓት ላይ 190 ካገኘች፣ የ10 ዩኒቱን ኤን ፒ ኤች ከመስጠቷ በፊት ምግብ መርጋት አለመርጋቱን ለሐኪሙ ትነግራለች። ከተሰጠ፣ ኃይሉ የሚበረታው ንጋት አካባቢ ስለሆነ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቀስቅሳ ትለካዋለች።