አዲስ ክሊኒክ ሲከፈት ከፎቶው ሥር ምን ይጻፍ?

አዲስ ክሊኒክ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም መከፈቱን ሲያበስር፣ ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ የሚያነበው ሰው ምናልባት የታመመ ልጅ ታቅፏል። «8:00–8:00» የሚል ካነበበ ጠዋት 2 ሰዓት ይሁን ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት አያውቅም። ስለዚህ ሰዓቱ ከነክፍለ ቀኑ ይጻፍ።

ለአንድ መካከለኛ ክሊኒክ እንዲህ ቢባል በቂ ነው፦

«ሰኞ ሥራ እንጀምራለን። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ነን፤ እሑድ ዝግ ነው። የአዋቂና የሕፃናት ምርመራ፣ ላቦራቶሪና አልትራሳውንድ አለን። የላቦራቶሪ ናሙና እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት እንቀበላለን። በባዶ ሆድ ስኳር ለመለካት፣ ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ ቢያንስ 8 ሰዓት ቆይተው ጠዋት ይምጡ። የማህፀን ሐኪም ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትገኛለች። የማዋለድና የቀዶ ሕክምና አገልግሎት የለንም።»

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ምጥ የያዛት ሴት መንገድ ሳትጀምር ወደ ሆስፒታል እንድትሄድ ያደርጋታል። የሐኪሟ ቀናት መጠቀሳቸውም ተገቢ ነው፤ «ስፔሻሊስት አለን» ብቻ ቢባል፣ ዓርብ የመጣችው ታካሚ የትራንስፖርቷን ከፍላ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

«ዘመናዊ»፣ «ተወዳዳሪ የሌለው»፣ «ፍቱን ሕክምና» የሚሉት ይውጡ። ፈውስን አስቀድሞ ቃል መግባት ማንም ሐኪም የማይችለው ነገር ነው። «24 ሰዓት» የሚባለውም ሌሊት የሚያድር ባለሙያ በእርግጥ ካለ ብቻ ነው። ሰዓቱ ሲቀየር ደግሞ የቀድሞው ጽሑፍ በዚያው ቀን ይታረም።