የሐኪምን የእጅ ጽሕፈት ስለ ማንበብ

ሐኪም ለበሽተኛ የሚጽፈው የመድኃኒት ማዘዣ ምንም አጭር ቢሆን ሦስት ነገር ይይዛል፤ እነዚህም የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የሚወሰድበት ጊዜ ናቸው። በእጅ የተጻፈውን አንብቦ በየረድፉ የሚዘረዝር ሰው ግን አራተኛ ረድፍ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም የተጠራጠረውን የሚያመለክትበት ነው። ይህ ረድፍ ሲጐድል የሚደርሰውን ጉዳት በአሜሪካ አገር የሆነ አንድ ነገር ያስረዳል።

በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. በቴክሳስ ግዛት በኦዴሳ ከተማ አንድ የልብ ሐኪም፣ ደረቱን ለሚያመው ሰው ኢሶርዲል የተባለውን መድኃኒት 20 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ እንዲወስድ ጻፈለት። ጽሕፈቱ በደኅና የማይነበብ ስለ ነበረ መድኃኒት ቀማሚው ስሙን ፕሌንዲል ብሎ አነበበው፤ ይህም የደም ግፊት መድኃኒት ነው። በሽተኛው የተሰጠውን ከወሰደ በኋላ ልቡ ታወከ፤ ጥቂት ቀንም ቈይቶ ሞተ። በ1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ሐኪሙና ቀማሚው ለቤተ ሰቡ 450,000 ዶላር እንዲከፍሉ ፈረደ።

ያ ማዘዣ በሥርዓት ቢዘረዘር ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር።

መድኃኒት፤ መጨረሻው «ዲል»፤ ኢሶርዲል ወይም ፕሌንዲል፤ አጠራጣሪ።
መጠን፤ 20 ሚሊ ግራም፤ ግልጽ።
ጊዜ፤ በየ6 ሰዓቱ፤ ግልጽ።

ዘርዛሪው በመጀመሪያ ያየውን ፊደል ይጽፋል፤ ግምቱን ግን ለብቻው ያኖረዋል። ቀጥሎም ግልጽ በሆነው ረድፍ አጠራጣሪውን ይመረምራል። በየ6 ሰዓቱ ማለት በቀን 4 ጊዜ ስለ ሆነ ጠቅላላው 80 ሚሊ ግራም ይሆናል። ፕሌንዲል በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ነው፤ ከፍተኛውም መጠን 10 ሚሊ ግራም ስለ ሆነ የታዘዘው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ኢሶርዲል ግን 20 ሚሊ ግራም ሆኖ በቀን ብዙ ጊዜ መወሰዱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ስሙን ለመለየት ያስቸገረውን ማዘዣ ቍጥሩ ራሱ ይመሰክርበት ነበር።

ነገር ግን ቍጥር ሁልጊዜ አይመሰክርም። ሃይድራላዚን የደም ግፊት፣ ሃይድሮክሲዚን ደግሞ የማሳከክ መድኃኒት ነው፤ ስማቸው ይቀራረባል፤ ሁለቱም 25 ሚሊ ግራም ሆነው በቀን ብዙ ጊዜ ይታዘዛሉ። በዚህ ጊዜ መጠኑን መመርመር አይለያቸውም፤ የበሽታው ስም በማዘዣው ላይ ተጽፎ እንደ ሆነ ግን ይረዳል።

ምርመራው ወደ አንዱ ስም ቢያዘነብልም እንኳ «አጠራጣሪ» የሚለው ምልክት አይፋቅም። ምርመራው የሚያሳየው የትኛው ንባብ እንደሚቀርብ እንጂ ሐኪሙ ያሰበውን አይደለምና። ምልክቱን ሊያነሣ የሚችል ማዘዣውን የጻፈው ሐኪም ብቻ ነው፤ እርሱ ተጠይቆ እስኪመልስ ድረስም መድኃኒቱ ከመደርደሪያው አይወርድም።