ተረትና እውነታ፦ ረቂቁ ሙድ ቦርዱን መስሏል?

ደንበኛና ዲዛይነር በአንድ ሙድ ቦርድ ከተስማሙ በኋላ ረቂቁ ሲቀርብ «እኛ የተስማማንበት ይሄ አይደለም» የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው። ዲዛይነሩ በበኩሉ ቀለሙንም ፊደሉንም ከቦርዱ ላይ እንደወሰደ ያስረዳል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የተሳሳተው ረቂቁ ከቦርዱ ጋር የተመዛዘነበት መንገድ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የተቆላ ቡና የሚሸጥ ድርጅት አዲስ ከረጢት ያሠራል እንበል። ሙድ ቦርዱ ላይ ቀጭን ቀይ ጥለት ያለው ነጭ የሀበሻ ቀሚስ፣ በኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ ጥቁር የሸክላ ጀበና እና ባዶ ቦታው የበዛ የመጽሐፍ ሽፋን ተለጥፈዋል።

ተረት፦ ቀለሞቹ ከቦርዱ ከተቀዱ ረቂቁ ቦርዱን ይመስላል።

እውነታው፣ የቀለሙ ዓይነት ብቻ ሳይሆን የሚይዘው ስፋትም ዓይን የሚያየውን ይወስናል። ዲዛይነሩ ነጩን፣ ጥቁሩንና ቀዩን ከፎቶዎቹ ነቅሶ በእኩል ሣጥኖች ይደረድራቸዋል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሦስቱም እኩል መብት ያላቸው ይመስላሉ፤ ረቂቁ ላይም የከረጢቱ ሲሶ ቀይ ሆኖ ይመጣል። ቀሚሱ ላይ ግን ቀዩ ያማረው ጠርዝ ላይ ብቻ ስለሆነና ሰፊ ነጭ ስለከበበው ነው። ሠዓሊውና መምህሩ ጆሴፍ አልበርስ በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቀለማት መስተጋብር መጽሐፉ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ አንድ ቀለም እንደ ጎረቤቱና እንደ ስፋቱ ሌላ ሆኖ ይታያል።

ይህን ለማወቅ መቁጠር ይቻላል። ቦርዱንና ረቂቁን በተመሳሳይ መጠን አትሙና በእያንዳንዳቸው ላይ አሥር በአሥር አስምሩ። መቶ ካሬ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ካሬ ውስጥ የትኛው ቀለም እንደበዛ ጻፉ፣ ሁለት ቀለሞች እኩል የተጋሩትን ካሬ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ አድርጋችሁ ያዙት። በእኛ ምሳሌ ቦርዱ ላይ ነጩ 70፣ ጥቁሩ 24፣ ቀዩ 6 ሲወጣ ረቂቁ ላይ 35፣ 30 እና 35 ቢሆን ክርክሩ አለቀ። ቁጥሩ ልክ በልክ መግጠም የለበትም፤ ቀዩ 10 ቢሆን ማንም አይቀየምም። የሚያበላሸው ትንሹ ቀለም ከዋናው ጋር እኩል ሲሆን ነው። ማስተካከያውም ቀዩን ወደ ከረጢቱ ግርጌ አውርዶ ጠባብ ጥለት ማድረግ ነው እንጂ ሌላ ቀይ መፈለግ አይደለም። ብዙ ዲዛይነር በዚህ ጊዜ ቀለም በመቀያየር ቀናት ያባክናል፤ ያሳዝናል።

ተረት፦ ቦርዱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ረቂቁ ላይ መታየት አለበት።

ጀበናው ቦርዱ ላይ ስላለ ከረጢቱ ላይ የጀበና ሥዕል ይጨመራል፤ ከዚያም «ምስሉን እኮ አስገብቻለሁ» ይባላል። ፎቶው የተመረጠው ግን ለሸክላው ደብዘዝ ያለ ጥቁረት ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ የሚፈለገው የማያብረቀርቅ ወረቀትና ደብዛዛ ጥቁር ቀለም ነው። ረቂቅ ከመሠራቱ በፊት በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ምኑ እንደተወደደ በአንድ ሐረግ ይጻፍ፦ «የጥለቱ ቅጥነት»፣ «የግድግዳው ሻካራነት»፣ «ባዶው ቦታ»። ምክንያት ያልተገኘለት ፎቶ ከቦርዱ ይውረድ። ረቂቁ ሲመጣ የሚፈተሸው በእነዚህ ሐረጎች ነው።

ተረት፦ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይበቃል።

ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን ዝርዝሩን ይከተላል፤ ጽሑፉን ያነባል፣ ምልክቱን ይመረምራል። ሁለቱንም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩ፣ ከዚያም ፊደሉ እስከማይነበብ ድረስ አሳንሱ። ያኔ የሚቀረው የብርሃንና የጨለማ አቀማመጥ ብቻ ነው። ቦርዱ ጥቂት ጥቁር ነጥቦች ያሉበት ብሩህ ሜዳ ሆኖ ረቂቁ ወጥ የሆነ ግራጫ ከመሰለ፣ ቀለሞቹ ቢገጥሙም ንፅፅሩ ጠፍቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መካከለኛ መጠን ያላቸው ጽሑፎች መብዛታቸው ነው። የቡናው ስም ጎላ ብሎ ሌላው ሁሉ ወደ አንድ ትንሽ መጠን ሲወርድ ብሩህ ሜዳው ይመለሳል።

ተረት፦ ስክሪን ላይ ከገጠመ ሥራው አልቋል።

ስክሪን ከራሱ ብርሃን ያወጣል፤ ወረቀት ግን ያረፈበትን ብርሃን ነው የሚመልሰው። ከረጢቱ ቡናማ ወረቀት ከሆነ ደግሞ ረቂቁ ላይ ነጭ ሆኖ የታየው ባዶ ቦታ ሲታተም ቡናማ ይሆናል፤ ከቦርዱ ጋር እንዲገጥም የተስተካከለው 70 ካሬ ነጭ በሙሉ ይጠፋል፣ ቀዩም ወደ ጡብ ቀለም ይጠቁራል። ነጭ ቀለም ከሥር ማሳተም ወይም ነጭ ወረቀት መምረጥ ግድ ነው፤ ሁለቱም ዋጋ ሊጨምሩ ስለሚችሉ ደንበኛው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ስለዚህ የመጨረሻው ማመሳከሪያ በእውነተኛው ወረቀት ላይ በታተመ ናሙና፣ በመስኮት ብርሃን ይደረጋል። መቶው ካሬም በዚያ ናሙና ላይ እንደገና ይቆጠራል።