ከታወቀ ሙሉ ጨረቃ ተነስቶ ቀጣዩን መገመት

በሒጅራ አቆጣጠር አንድ ወር 29 ወይም 30 ቀን ይሆናል እንጂ ከዚህ አይወጣም። ጨረቃ ከአንድ ሙሉነት እስከ ቀጣዩ የምትፈጀው ጊዜ በአማካይ 29 ቀን ተኩል ገደማ ሲሆን፣ የወር ቆጠራ ግን ቀንን በግማሽ አይከፍልም። የየወሩን 13ኛ፣ 14ኛና 15ኛ ቀን፣ ማለትም አያመል ቢድን የሚጾም ሰው ቀኖቹን አስቀድሞ ለመገመት በዚህ ዙር ሊጠቀም ይችላል። ግምቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚያስተማምን በአንድ ምሳሌ እንመልከት።

በቅድሚያ መነሻው የተረጋገጠ መሆን አለበት። ጨረቃ ለዓይን ሁለትና ሦስት ሌሊት ሙሉ መስላ ስለምትታይ፣ በእይታ ብቻ የተያዘ መነሻ በአንድ ቀን ሊስት ይችላል። የጨረቃ ግርዶሽ ግን ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ጊዜ ካልሆነ አይከሰትም። ስለዚህ በአገራችን የታየውን የጳጉሜን 2 ቀን 2017 ግርዶሽ መነሻ እናደርጋለን። ጨረቃዋ ሙሉ የሆነችው ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ነበር።

በዚህ ላይ 29 ቀን ስንጨምር መስከረም 26 ቀን 2018፣ በዚያው የምሽት ሰዓት ላይ እንደርሳለን። ጳጉሜን በዚያ ዓመት 5 ቀን ብቻ እንደነበረች መዘንጋት የለበትም፤ ጳጉሜንን ሳይቆጥር ያለፈ ሰው ግምቱ በቀናት ይዛባበታል። ቀሪውን 12 ሰዓት ስንጨምር መስከረም 27 ከጧቱ 3 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ይሆናል። ትክክለኛው ጊዜ በዚያው ዕለት ንጋት 12 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ስለነበር፣ ልዩነቱ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ብቻ ነው። የልዩነቱ ዋና ምክንያት የጨረቃ ምሕዋር ፍጹም ክብ አለመሆኑ ነው፤ ጨረቃ ወደ ምድር ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅም ትዘገያለች።

ግምቱን ለአንድ ዓመት ስናራዝመው ሌላ ጉድለት ይገለጣል። ትክክለኛው አማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው። 12 ዙር በ29 ቀን ተኩል ሲባዛ 354 ቀን ስለሚሆን ነሐሴ 21 ቀን 2018 ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ያደርሰናል። የሥነ ፈለክ ስሌት የሚሰጠው ግን ነሐሴ 22 ከጧቱ 1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነው። የተዘለሉትን 44 ደቂቃዎች በ12 አባዝተን 8 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ብንጨምር፣ ልዩነቱ ከ10 ሰዓት ወደ 1 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ዝቅ ይላል።

እንግዲህ የ29 ቀን ተኩሉ ስሌት ለአንድና ለሁለት ወር ቀኑን ለማቀድ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን እርማቱ ሊታከልበት ይገባል። ሆኖም የጾሙ ቀናት የሚቆጠሩት ሂላል ታይቶ ከተጀመረው ወር አንስቶ ነው። ግምቱና የወሩ ቆጠራ በአንድ ቀን ቢለያዩ ጿሚው የሚይዘው የወሩን ቆጠራ ነው።