የሩጫ ሰዓታችሁ ሳተላይት ሲፈልግ ለምን ደቂቃዎች ይፈጅበታል?

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሽቅብ ልትሮጡ ወጥታችኋል። ብርዱ ይቆነጥጣል፤ የእጅ ሰዓታችሁ ግን ጂፒኤስ እየፈለገ ነው። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ ሦስት...

ብዙ ሰው ሳተላይቱ ሩቅ ስለሆነ ይመስለዋል። አይደለም። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢሆኑም ምልክታቸው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ እጃችሁ ላይ ይደርሳል። የሚዘገየው ምልክቱ የተሸከመው መልእክት ነው።

ሰዓቱ ያላችሁበትን ቦታ ለማወቅ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች ያለውን ርቀት ይለካል። እያንዳንዱ ሳተላይት በዚያች ቅጽበት የት እንዳለ ካላወቀ ግን ርቀቱ ብቻውን አይጠቅመውም። ይህን የምሕዋር መረጃ የሚልከው ሳተላይቱ ራሱ ነው፤ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 50 ቢት ብቻ ነው። ለዛሬ ኢንተርኔት ይሄ የኤሊ ጉዞ ነው። አስፈላጊው ክፍል 900 ቢት ስለሆነ ለመቀበል 18 ሰከንድ ይፈልጋል፤ በየ30 ሰከንዱም ይደገማል።

ጣጣው የሚመጣው መሃል ላይ ሲቋረጥ ነው። ሰውነታችሁን ለማሟሟቅ ወዲያ ወዲህ ስትሉ በፎቅ ጥግ ወይም በባሕር ዛፍ ሥር ብታልፉ፣ ያመለጠው ቁራጭ እስኪደገም ሌላ 30 ሰከንድ መጠበቅ ግድ ነው። ሦስት ጊዜ ካመለጠ፣ በግማሽ ደቂቃ ያልቅ የነበረው ሁለት ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። ደግሞም ደካማ ምልክት ርቀት ለመለካት ይበቃ ይሆናል እንጂ መልእክቱን ለማንበብ አይበቃም። አንዴ ቦታውን የያዘ ሰዓት ጫካ ውስጥም የሚቀጥለው፣ ጫካ ውስጥ የተከፈተው ግን የሚንገታገተው ለዚህ ነው።

መረጃው ደግሞ ያረጃል፤ የሚያገለግለው ለአራት ሰዓት ያህል ነው። ትናንት ማታ ሮጣችሁ ከሆነ ዛሬ ጠዋት ሰዓቱ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ማታውኑ ሰዓቱን ከስልካችሁ መተግበሪያ ጋር አገናኙት። ብዙዎቹ የሩጫ ሰዓቶች የሚቀጥሉትን ቀናት የምሕዋር ትንበያ በኢንተርኔት ስለሚያወርዱ፣ ጠዋት ከሳተላይቱ እስኪሰሙ አይጠብቁም። በስልክ የምትሮጡ ከሆነ ዳታውን አብሩት፤ ስልኩ ይህንኑ ራሱ ያደርገዋል። ከዚያ ዛፉ ጋ ሳትደርሱ፣ ሰማዩ ገላጣ የሆነበት ቦታ ላይ ቁሙ። ሰዓቱ «ዝግጁ» ካለ በኋላም ግማሽ ደቂቃ ብትታገሡት ተጨማሪ ሳተላይቶች ይይዛል፤ የመጀመሪያው ነጥብ አንዳንዴ አጥር ተሻግሮ ሰው ግቢ ውስጥ ያስቀምጣችኋል።

ጥፋቱ የት እንደሆነ መለየት ከፈለጋችሁ፣ ሰዓቱን ካገናኛችሁ በኋላ ገላጣ ሜዳ ላይ ሞክሩት። በሰከንዶች ውስጥ ከያዘ ችግሩ ያረጀ መረጃ ወይም የቆማችሁበት ቦታ ነበር። ሜዳ ላይም ደቂቃዎች ከፈጀበት መረጃው በትክክል መውረዱን መተግበሪያው ላይ አረጋግጡ፤ ወርዶም ካልተሻለው የሰዓቱን አንቴና መጠርጠር ነው።