አንዷን አክሲዮን ወይስ ገበያውን በሙሉ?

ሜሪላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም የምትልክልኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ «አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረህ የለ? የቱን አክሲዮን ልግዛ?» አንድ ሰሞን ቴስላ ትላለች፣ ሌላ ሰሞን ኢንቪዲያ። የእኔም መልስ አይቀየርም፦ «ለምን አንዷን ትመርጫለሽ? ሁሉንም ግዢ።» ቀልድ ይመስላታል፤ ግን አይደለም።

ለጀማሪ ከሥሩ ልነሳ። አክሲዮን ማለት የአንድ ኩባንያ ባለቤትነት ቁራጭ ነው። ኢንዴክስ ደግሞ በአንድ መስፈርት የተመረጡ ኩባንያዎች ዝርዝር ነው። በጣም የታወቀው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ሲሆን፣ 500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ይይዛል። ኢንዴክስ ፈንድ ከብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ በዝርዝሩ ላይ ያሉትን ሁሉ በትልቅነታቸው መጠን ይገዛል። በ100 ዶላር የገባ ሰው ከእያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ደረሰው ማለት ነው።

«ታዲያ ደካማውንስ ለምን እሸከማለሁ? ጎበዙን ብቻ ልያዝ!» ይህን የማይል የለም። መልሱ ያለው ሒሳቡ ውስጥ ነው።

አሥር ኩባንያዎች አሉ እንበል፤ የእያንዳንዳቸው አክሲዮን 100 ዶላር ነው። ከዓመታት በኋላ አንዷ 1,000 ዶላር ገባች። ሁለቱ 150 ደረሱ፣ ሦስቱ እዚያው 100 ላይ ቆሙ፣ አራቱ ወደ 50 ወረዱ። አሥሩንም የገዛ ሰው 1,000 ዶላሩ 1,800 ሆኖለታል፤ ለእያንዳንዷ አክሲዮን በአማካይ 180 ማለት ነው። አሁን አንዷን ብቻ ወደ መረጠው እንሂድ። ከአሥሩ ዘጠኙ ከአማካዩ በታች ናቸው! ሳያውቅ በዕጣ ቢያነሳ ገበያውን የመብለጥ ዕድሉ ከአሥር አንድ ነው። አማካዩን ወደ ላይ የጎተተችው ያቺ አንዷ ናትና፣ እሷን የሳተ ሰው ገበያው «አደገ» ሲባል እየሰማ የእሱ ገንዘብ እዚያው ይቆማል።

ቁጥሩን ለማስረዳት ብዬ ፈጠርኩት እንጂ እውነተኛው ገበያም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሄንድሪክ ቤሰምባይንደር ከ1926 እስከ 2016 (በፈረንጆቹ) በአሜሪካ ገበያ የተሸጡ 26 ሺህ ገደማ አክሲዮኖችን መርምሮ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዕድሜያቸው ሙሉ ያስገኙት ገቢ ከመንግሥት የአንድ ወር ግምጃ ቤት ሰነድ እንኳ ያነሰ ነው። ከዚያ ሰነድ በላይ የተፈጠረውን ጠቅላላ ሀብት የሚሸፍኑት 4 በመቶ ያህሉ ኩባንያዎች ናቸው። ዛሬ ስማቸውን ስንሰማ «በግልጽ ይታይ ነበር» እንላለን። ያኔ ግን ማንም ምልክት አልለጠፈባቸውም።

«በቃ፣ የሚመርጥልኝ ባለሙያ አለ» የሚል ሰውም አለ። ባለሙያው ደግሞ ያስከፍላል፣ ክፍያው የሚቆረጠውም ገበያው ቢወጣም ቢወርድም ነው። 10,000 ዶላር በዓመት 7 በመቶ እያደገ 30 ዓመት ይቀመጥ እንበል። ፈንዱ በዓመት 0.03 በመቶ ከወሰደ መጨረሻ ላይ 75,500 ዶላር ገደማ ይገኛል። 1 በመቶ ከወሰደ ግን 57,400 ገደማ ነው። ያቺ «አንድ ፐርሰንት ብቻ» 18 ሺህ ዶላር በላች። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ መጀመሪያ የማሳያት ከፈንዱ ስም በፊት Expense Ratio የሚለውን መስመር ነው። VOO የሚባለው የቫንጋርድ ፈንድ ለምሳሌ 0.03 በመቶ ነው የሚያስከፍለው። ያንኑ 500 ዝርዝር እየተከተሉ ከ1 በመቶ በላይ የሚወስዱም ስላሉ «ኢንዴክስ» የሚለው ስም ብቻውን ርካሽ መሆኑን አያረጋግጥም።

ኢንዴክስ ፈንድ ከኪሳራ ያድናል ማለቴ ግን አይደለም። በ2008 ኤስ ኤንድ ፒ 500 በአንድ ዓመት 37 በመቶ ወድቋል። የዛሬ ሁለት ዓመት ለቤት ቅድሚያ ክፍያ የሚፈለግ ገንዘብ እዚያ ምን ይሠራል? ሌላም አለ፤ ያሸነፈው ኩባንያ ሲያድግ በፈንዱ ውስጥ ያለው ድርሻም አብሮ ያድጋል። በምሳሌዬ ከ1,800ው 1,000 የአንዷ መሆኑን ልብ በሉ። ዛሬም ጥቂት ግዙፍ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ብዙውን ክብደት ስለያዙ፣ 500 ስም ተበታትኗል ብሎ ሙሉ በሙሉ መዝናናት አይቻልም። እንዲያም ሆኖ ለጀማሪ የምመርጠው ይህንኑ ነው። ቴስላን ካልገዛሁ ያለ ሰው ቢጠፋ የማያስለቅሰውን ያህል ለይቶ ይግዛ፤ ምን ችግር አለው።

እዚህ አገር ቤት ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር። ብዙዎቻችን የምናውቀው አክሲዮንም የባንክ ነው። የአምስት ባንክ አክሲዮን ይዞ «በታትኛለሁ» የሚል ሰው አምስቱንም አንድ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ በአንድ ቀን ሊነካቸው እንደሚችል ያስብ። ዝርዝሩ ላይ ሲሚንቶው፣ ቢራው፣ ቴሌኮሙ፣ ኢንሹራንሱ በብዛት እስኪገቡ ድረስ የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ላይ በስልኳ የምትገዛውን ዓይነት ቅርጫት እዚህ መሸመን ከባድ ነው።