ሐምራዊና ሮዝ ባክቴሪያ

እ.ኤ.አ. በ1884 በርሊን ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊ ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም ከሳንባ ናሙና ውስጥ ባክቴሪያን በቀለም ለይቶ የሚያሳይ ዘዴ አሳተመ።

በመስታወት ላይ በደረቀው ናሙና ክሪስታል ቫዮሌት፣ ቀጥሎም አዮዲን ይፈስስበታል። ሁለቱ ተጣብቀው ትልቅ ውህድ ይሆናሉ፤ እዚህ ድረስ ሁሉም ባክቴሪያ ሐምራዊ ነው።

የሚለያቸው አልኮል ነው። ፔፕቲዶግላይካን የተባለው የግድግዳ መረብ ወፍራም ከሆነ፣ አልኮሉ ውኃውን መጥጦ ቀዳዳዎቹን ያጠባቸዋል፤ ቀለሙም ውስጥ ታስሮ ይቀራል። መረቡ ስስ ሲሆን ግን አልኮሉ የውጩን የስብ ሽፋን ያሟሟል፤ ሐምራዊው ታጥቦ ይወጣል፤ በመጨረሻ የሚጨመረው ሳፍራኒን ሮዝ ያደርገዋል።

አልኮሉ ጥቂት ሰከንድ ከበዛ ወፍራሙም ቀለሙን ይለቃል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ስታፊሎኮከስንና ኢ. ኮላይን አብሮ ይነክራል፤ ስታፊሎኮከሱ ሮዝ ከወጣ ናሙናው እንደገና ይሠራል።